ሞቆ የጠበቀሽን ፕሌይስቴሽን አትግዢ

«ሰላም ወንድሜ። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ሲጨርስ ፕሌይስቴሽን እገዛልሃለሁ ብዬው ነበር፣ አሁን ጊዜው ደረሰ። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ ያገለገለ ፒኤስ 4 ስሊም በ35 ሺህ ብር እሸጣለሁ ብሎ ጌም ሲጫወትበት የሚያሳይ ቪዲዮ ልኮልኛል። ደህና ይመስላል። እኔ ግን ስለ ጌም ምንም አላውቅም። ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ? የተደበቀ ችግር ካለውስ በምን አውቃለሁ? እህትህ፣ ከአያት።»

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ያንን ቪዲዮ እርሺው። ልጁ አጭበርባሪ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ አላውቀውም። ግን የታመመ ፒኤስ 4ም ቪዲዮ ላይ ጌም ያጫውታል። ቦርዱ ችግር ያለበት ኮንሶል ጉዱ የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው፦ ከሶኬት ተነቅሎ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲነሳ፣ እና ግማሽ ሰዓት አልፎት በደንብ ሲግል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ልክ በሁለቱ መሃል ያለችውን ደህናዋን ሰዓት ነው የሚያሳይሽ።

ይህን ያወቅኩት ተበልቼ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አካባቢ አንድ ሻጭ ቤት ስደርስ ቲቪው በርቶ፣ ፕሌይስቴሽኑ በርቶ፣ ፊፋ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ቡና ሁሉ ተፈልቷል። አንድ ጨዋታ ተጫወትን፣ 2 ለ 0 ተሸነፍኩ፣ ከፈልኩ፣ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ዘጠኝ ቀን ያለ ምንም ችግር ሠራ። በአሥረኛው ቀን ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ውሎ ማታ መጣ። ቁልፉን ስጫን ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ድርግም። አለቀ።

ጥገና ቤት ወስጄው ሲከፈት ባለሙያው ትልቁ ቺፕ ዙሪያ የደረቀ ቡኒ ነገር አሳየኝ፣ ሙጫ የሚመስል። ሰው ሲበይድ የሚቀባው ነገር ነው፣ ከፋብሪካ እንዲያ ተዝረክርኮ አይወጣም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቺፑ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው ከሥሩ ባሉ ጥቃቅን የብየዳ ነጠብጣቦች ነው፣ እና ኮንሶሉ ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ አንዳንዶቹ ይሰነጠቃሉ። ያኔ አንዱ ሙቅ አየር ይነፋበትና የተሰነጠቀው ለጊዜው ይገጥማል። ይነሳል። ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴ ጥቂት ወራት ይሠራል። የሚሸጠውም በዚያች መሃል ነው። እንዲህ ያለው ቦርድ አንዴ ከሞቀ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ እምቢ የሚለው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ለዚህ ነው ለእኔ አስቀድሞ በርቶ የጠበቀኝ። ወይም ሻጩ ደግ ሰው ስለነበረ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ያንቺ ሥራ የሚጀምረው ከቤት ሳትወጪ ነው። ለልጁ ጻፊለት፦ እስክደርስ ከሶኬት ነቅለህ አቆየው በይ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት። ካፌ ውስጥ እንገናኝ ካለሽ እምቢ በይ፣ ቲቪ የሌለበት ቦታ ላይ የሚሸጥ ፕሌይስቴሽን ሳጥን ነው እንጂ ፕሌይስቴሽን አይደለም። አንድ ሰዓት እንደምትቆዪም ከወዲሁ ንገሪው። ይዘሽ የምትሄጂው የራስሽን ኤችዲኤምአይ ኬብል፣ ከሰው የተዋስሽውን አንድ ኦሪጅናል የፒኤስ 4 ጌም ሲዲ፣ ባለ ገመድ የስልክ ኢርፎን ነው። ደግሞ ወንድምሽን ውሰጂው። ሰርፕራይዝ ይበላሻል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጆይስቲክ ይዞ የሚያውቅ ሰው የሚሰማውን አንቺ አትሰሚውም።

ባለፈው ጥር አንድ ጓደኛዬ ስሊም ሊገዛ ገርጂ አብሬው ሄጄ ነበር። ያንን ጠዋት እየተረክሁ ልንገርሽ፣ ይሻላል።

4 ሰዓት ላይ ደረስን። ጓደኛዬ ሰላምታ ሲለዋወጥ እኔ እጄን ኮንሶሉ ጀርባ ላይ አሳረፍኩ፣ ሙቅ አየር በሚወጣበት በኩል። ቀዝቃዛ ነበር። ሞቆ ብታገኚው አትጣዪ፣ «ነቅለን ትንሽ እንጠብቅ» በይና ቁጭ በይ። ግማሽ ሰዓት ያህል በቂ ነው ባልልም ከምንም ይሻላል። ሻጩ ቸኩያለሁ ካለ ሌላ ቀን ተመለሺ።

ከዚያ ሳይበራ በስልክ መብራት ጀርባውን አየን። አብዛኛው ሰው ዓይኑ የሚሄደው ጭረት ላይ ነው። ጭረት ምንም አያደርግሽም። የምታዪው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውን ነው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረው ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው። አንዱ እንኳ የተጣመመ ከሆነ፣ ወይም የቀዳዳው ቆርቆሮ ከሰፋ፣ ኬብል በጉልበት ሲገባበት የኖረ ነው። በዚያው የሞዴል ቁጥሩን አንብቢ። ስሊም ከሆነ CUH-2 ብሎ ይጀምራል፣ ለምሳሌ CUH-2016 ወይም CUH-2216። CUH-10፣ 11 ወይም 12 ካለ የድሮው ወፍራሙ ነው፣ «ስሊም ነው» ቢልሽም አይደለም። ካርቶኑ ካለ ደግሞ ላዩ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ኮንሶሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ። ካልተመሳሰለ ካርቶኑ የሌላ ነው፣ ከየት እንደመጣ ጠይቂ።

የጀርባው ብሎን ላይ ያለው ተለጣፊ ከተቀደደ ተከፍቷል ማለት ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት ያዩታል፣ እኔ አላየውም። በእኛ ከተማ አቧራ አምስት ዓመት ሳይከፈትና ሳይጸዳ የኖረ ፕሌይስቴሽን ይበልጥ ያስፈራኛል። ጥያቄው ማን ከፈተው፣ ለምን ከፈተው ነው። «ፋኑን አጽድቼ ፔስት ቀይሬለታለሁ» ጥሩ መልስ ነው፣ ፔስት ማለት ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው። «ኧረ ተከፍቶ አያውቅም» ብሎ ተለጣፊው ተቀዶ ከሆነ ግን ሌላም ነገር ዋሽቶሻል ብለሽ ያዢው።

ሰካነው፣ በራሳችን ኬብል። ቁልፉን ተጫንን። እዚህ ላይ ዓይንሽ ቲቪው ላይ ሳይሆን ቁልፉ አጠገብ ያለችው ቀጭን መብራት ላይ ይሁን። መጀመሪያ ሰማያዊ ትሆናለች፣ ከዚያ ወደ ነጭ ትዞራለች፣ ቲቪው ላይም ምስል ይመጣል። ሁሉም ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ሰማያዊ ላይ እየተርገበገበች ከቀረች፣ ወይም ተርገብግባ ከጠፋች፣ ቦርዱ ነው፣ አመስግነሽ ውጪ። ነጭ ሆና ቲቪው ላይ ግን ምንም ከሌለ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ወይም ከኋላው ያለው ቺፕ ነው፣ እሱም ያው ነው፣ ውጪ። «ኬብሉ ነው»፣ «ቲቪው ነው» ይልሽ ይሆናል። ኬብሉ ያንቺ ነው፣ ቲቪው ደግሞ የሱ ነው፣ ሌላ ነገር ሰክቶ ያሳይሽ።

ያኔ የእኛ ሲነሳ በትክክል አልተዘጋም የሚል ጽሑፍ አምጥቶ ሀርድ ዲስኩን መፈተሽ ጀመረ። ጓደኛዬ ደነገጠ። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ሻጩ ሳያጠፋው ከሶኬት ስለነቀለው ነው። መብራት በሄደ ቁጥርም ይመጣል፣ ወንድምሽ ይለምደዋል። ምስል እንደመጣ ኬብሉን ከጀርባ በኩል በቀስታ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ነካ አድርጊው። ምስሉ ብልጭ ካለ ወይም ከጠፋ ቀዳዳው ላልቷል። አጥፍተን፣ ነቅለን፣ ትንሽ ጠብቀን ደግመን አስነሳን። ሦስት ጊዜ። ሻጩ ሳቀብን፣ ይሳቅ።

ቀጥሎ ሲዲ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሻጭ የፊልም ዲቪዲ አስገብቶ «ይኸው ያነባል» ይላል። ማሽኑ ዲቪዲ የሚያነብበት ጨረርና ጌም የሚያነብበት ጨረር የተለያዩ ናቸው፣ ዲቪዲው በቀይ፣ የፒኤስ 4 ጌም በሰማያዊ ነው። ቀዩ ደህና ሆኖ ሰማያዊው የደከመ ብዙ አለ። ስለዚህ ያንቺን የጌም ሲዲ አስገቢ። ራሱ መሳብ አለበት፣ ሳትገፊው። ከዚያ ጌሙን ወደ ሀርድ ዲስኩ መገልበጥ ይጀምራል፣ የሚሄድ መስመር ታያለሽ። ጌሙ ቀድሞ እዚያ ላይ ካለ አይገለብጥም፣ ስለዚህ ኮንሶሉ ላይ የሌለ ጌም ተዋሺ። መስመሩ ሳይቆም ከሄደ ደህና። ቆሞ ቆሞ ድምፁ ክርር ክርር ካለ፣ ወይም ሲዲውን ራሱ ከተፋው፣ አንባቢው ደክሟል። አምስት ጊዜ አውጥተሽ አስገቢ፣ አንዳንዱ ሦስተኛው ላይ እምቢ ይላል።

አሁን ማጋያ ነው፣ ረጅሙና ሰው ሁሉ የሚዘለው። ቢያንስ 40 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይጫወቱበት። ፊፋ ሜኑ ላይ ቁጭ ማለት አይቆጠርም፣ ኳስ ይሩጥ። ሰፊ ዓለም ያለው ከባድ ጌም ካለ ከፊፋ ይሻላል። ኮንሶሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ክፍት ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ፈተናው ፍትሐዊ አይደለም። ጆሮሽን ወደ ፋኑ አድርጊ። በከባድ ጌም መሃል መጮሁ ያለ ነው። ገና ሲበራ፣ ምንም ሳይከፈት፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ የሚጮህ ከሆነ ግን ወይ አቧራ ሞልቶታል ወይ ፔስቱ ደርቋል። ይህ ይጸዳል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። እየተጫወቱበት በጣም ግሏል የሚል ጽሑፍ ካመጣ፣ ወይም ድንገት ከጠፋ፣ ወይም ምስሉ ላይ የማይገባ ነጠብጣብና መስመር ከታየ፣ እሱ ማጽዳት ብቻ ነው ብለሽ አትቁጠሪ። ጌሙ ደጋግሞ ራሱን እየዘጋ CE-34878-0 ካለ ደግሞ ሀርድ ዲስኩን ጠርጥሪ። አንድ ጊዜ ከሆነ የጌሙ ችግር ሊሆን ይችላል። ሀርድ ዲስክ መቀየር ቀላል ነው፣ የላፕቶፕ ትንሹ ሀርድ ዲስክ ነው የሚገባበት፣ ዋጋውን ጠይቀሽ ከሒሳቡ ቀንሺ።

በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ጆይስቲኩም ይፈተሻል። ወንድምሽ እጁን ሲያነሳ ተጫዋቹ በራሱ የሚራመድ ከሆነ በአውራ ጣት የሚገፋው እንጨት ይንሸራተታል። ኢርፎኑን ጆይስቲኩ ላይ ሰኪውና Settings፣ Devices፣ Audio Devices ውስጥ Output to Headphones የሚለውን All Audio አድርጊው፣ ያኔም ድምፅ ካልመጣ ወይ ተበላሽቷል ወይ ኦሪጅናል ላይሆን ይችላል። የቻርጅ ገመዱ ቀዳዳ ልል ከሆነም እዪ። ገርጂ የሄድንበት ጆይስቲክ የግራ እንጨቱ ላስቲክ ተልጦ ፕላስቲኩ ያብለጨልጭ ነበር፣ ተጫዋቹም ወደ ግራ ቀስ እያለ ይሄዳል። ጓደኛዬ «ፕሌይስቴሽን ቤት ይሠራ ነበር እንዴ?» አለው። ሻጩ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «የወንድሜ ቤት ነበር፣ ዘጋው» አለ።

ፕሌይስቴሽን ቤት የኖረ ኮንሶል ማለት ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየቀኑ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌሎች አምስት ኮንሶሎች ሲተነፍሱበት የኖረ ማለት ነው። እኔ በጭራሽ አትግዢ አልልም። ማጋያውን ካለፈ አለፈ ነው። ግን ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ከተነካ ኮንሶል ጋር እኩል ዋጋ አይከፈልበትም። ላስቲኩ የተላጠ ጆይስቲክ፣ የሲዲ ማስገቢያው ዙሪያ የተፋፋቀ፣ ጀርባው በአቧራ የተደፈነ፣ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ካየሽ ጠይቂ።

ከሞቀ በኋላ አጥፊው። ወዲያው ደግመሽ አስነሺው። ይህ ሁለት ነገር ያሳይሻል። አንደኛው ግሎ ሳለ መነሳቱን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሩሽን ነው፦ «20 ጌም ተጭኖበታል» የሚለው ከየት እንደመጣ። ሀክ የተደረገ ከሆነ፣ ማለትም ያልተገዙ ጌሞችን እንዲያጫውት ሶፍትዌሩ የተሰበረ ከሆነ፣ ሲነሳ ጌሞቹ ላይ የቁልፍ ምልክት ይመጣል፣ አይከፈቱም። ሻጩ ያኔ ፍላሽ ይሰካል ወይም ኢንተርኔት ማሰሻውን ይከፍትና አንድ ነገር ይጭናል፣ ቁልፉም ይጠፋል። Settings ውስጥ GoldHEN የሚል ታያለሽ፣ የሀኩ ፕሮግራም ስም ነው። Settings፣ System፣ System Information ላይ የሶፍትዌሩን ቁጥር እዪ፣ 9.00 ወይም 11.00 ካለ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ እዚያ የቆመ ነው።

ሀክ መደረጉ የማሽኑ ብልሽት አይደለም። ጌሞቹ ሕጋዊ አይደሉም፣ እሱን ለራስሽ ተይው። ግን ምን እንደምትገዢ እወቂ። ኮንሶሉ በጠፋ ቁጥር ያንን ነገር እንደገና መጫን አለበት፣ መብራት ከሄደም እንዲሁ። አፕዴት ከተደረገ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ስለዚህ እዚያው ሻጩ ፊት ወንድምሽ ራሱ ከዜሮ አስነስቶ ይጫነው፣ እንዴት እንደሚሠራ ይየው። ኢንተርኔት ላይ ከሰው ጋር መጫወትም ይቅርበት።

ሀክ ያልተደረገ ከሆነና ጌሞች ካሉበት ደግሞ የሻጩ አካውንት ናቸው። ዛሬ ይከፈታሉ፣ ነገ ሻጩ ሌላ ኮንሶል ገዝቶ አካውንቱን እዚያ ዋና ሲያደርገው ያንቺው ላይ ይቆለፋሉ። ለነሱ ብር አትክፈዪ። Account Management ውስጥ ገብቶ Activate as Your Primary PS4 የሚለውን ያጥፋና አካውንቱን ያስወጣ። ኢንተርኔት ላይ የሚጫወት ከሆነ በስልክሽ ኢንተርኔት አገናኝተሽ በወንድምሽ አካውንት ግቢ። WS-37397-9 የሚል ቁጥር ካመጣ ያ ኮንሶል ከኔትወርኩ ታግዷል፣ አካውንት በመቀየር አይፈታም።

ገርጂ ላይ እንዴት እንዳለቀ ልንገርሽ። ሻጩ 36 ሺህ ብሎ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ከቀዝቃዛ ተነሳ፣ ሲዲው አነበበ፣ 45 ደቂቃ ሳይጠፋ ቆየ። ጆይስቲኩ ይንሸራተታል፣ ፋኑ ገና ሜኑ ላይ ይጮሃል፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ጓደኛዬ ያገለገለ ጆይስቲክና ማጽጃ ስንት እንደሚያስወጣ በስልክ ለአንድ ጥገና ቤት ደወለ፣ እዚያው ሻጩ እየሰማ። 31 ሺህ ላይ ተስማሙ። ያንን የጆይስቲክ ችግር አክብዶ የሚያይ አለ፣ እኔ ግን የሚቀየር ነገር ላይ ያለ ችግር ደስ ይለኛል፣ ዋጋ ያወርዳል፣ ኮንሶሉን አይገድልም። ኤችዲኤምአይና ቦርድ ላይ ግን በ20 ሺህም ቢሰጥሽ አትደራደሪ።

ሁሉንም ሳታዪ ቀብድ አትላኪ፣ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ቢልሽም። ስትከፍዪ በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈዪ፣ ለማን እንደከፈልሽ ማስረጃ ይኑርሽ። ደረሰኙን፣ የኮንሶሉን ተከታታይ ቁጥር ፎቶና የቴሌግራሙን ጨዋታ አስቀምጪ። «ሳምንት ውስጥ ከተበላሸ?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ይላክልሽ።

ለልጁ አሁኑኑ ይህን ላኪለት፦

«ሰላም ወንድሜ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ቤትህ ልምጣ። ከቲቪ ጋር ማየት እፈልጋለሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል እንቆያለን። እባክህ እስክንደርስ ከሶኬት ነቅለህ አቆየው፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው ማየት የምንፈልገው። ሀክ የተደረገ ነው? ፕሌይስቴሽን ቤት ሠርቶ ያውቃል?»

ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ።